ሰባት ቀን ለክሪሚኖሎጂ ፈተና፦ ንድፈ ሐሳቦቹን በጥንድ በጥንድ መከለስ

ጥያቄ፦ የክሪሚኖሎጂ መግቢያ ኮርስ የማጠቃለያ ፈተናችን የዛሬ ሳምንት ነው። ከጓደኛዬ ጋር ነው የማጠናው። ከቤካሪያ እስከ ሌብሊንግ ሁሉንም አንድ ጊዜ አንብበናል፤ ጥያቄ ስንሠራ ግን መርተንና ዱርካይም፣ ሱዘርላንድና ሂርሺ ይምታቱብናል። ፈተናው ምርጫ፣ አጭር መልስ፣ እንዲሁም አንድ ታሪክ ሰጥቶ «በንድፈ ሐሳብ ተንትኑ» የሚል ክፍል አለው። ቀኑን እንዴት እንከፋፍለው?

መልስ፦

የመማሪያ መጻሕፍት ንድፈ ሐሳቦቹን በየዘመናቸው ስለሚደረድሯቸው አንባቢው እያንዳንዱን ለብቻው ይዞ ይቀራል። ፈተና አውጪ ደግሞ የሚመርጠው የሚቀራረቡትን ነው፤ በምርጫ ጥያቄ አራቱ አማራጮች ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ሳምንቱን በምዕራፍ ሳይሆን በሚምታቱ ጥንዶች ክፈሉት። በቀን ሦስት ሰዓት ያህል፣ በሁለት የተለያየ ጊዜ ተቀምጣችሁ ብትሠሩ ይበቃል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የየዕለቱን የመጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ደብተር ዘግታችሁ የቀደሙትን ቀናት ከጭንቅላታችሁ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አንደኛ ቀን፦ ምን እንደምታውቁ መለየት

ዛሬ አዲስ ንባብ የለም። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ተቀምጣችሁ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የኮርሱን ንድፈ ሐሳቦች ሁሉ ከማስታወስ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ስም፣ የወንጀል ምክንያት የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሊያብራራ የተነሣበትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡና በማስታወሻው አርሙ። የጠፋውንና የተምታታውን ለዩ፤ የጠፋው በንባብ ይመለሳል፣ የተምታታው ግን ደጋግሞ በማንበብ አይጠራም፤ ማነጻጸር ይፈልጋል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሁሉንም በአራት ጥያቄዎች ሥር መድቡ። አንድ ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል? እዚህ ሎምብሮዞ፣ ሱዘርላንድ፣ ኤከርስ፣ አግነው ይገባሉ። አብዛኛው ሰው ለምን አይሠራም? እዚህ ሂርሺ፤ የቅጣት ፍርሃት ሰውን ይገታል የሚሉት ቤካሪያና ቤንታምም ወደዚህ ያደላሉ። ወንጀል በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘመን ወይም በአንድ ማኅበረሰብ ለምን ይበዛል? ዱርካይም፣ መርተን፣ ሾውና መኬይ፣ ኮኸንና ፌልሰን። ድርጊቱን «ወንጀል» ያለው ማን ነው፣ ስያሜውስ ምን ያመጣል? ቤከር፣ ሌመርት፣ የግጭት ንድፈ ሐሳብ ሰዎች። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣው እዚህ ነው፤ የሦስተኛውን ጥያቄ ንድፈ ሐሳብ ለመጀመሪያው መልስ ያደርገዋል።

ለየንድፈ ሐሳቡ አንድ ካርድ አዘጋጁ፣ አምስት መስመር ብቻ፦ ጥያቄው፣ ምክንያቱ፣ ባለቤቱና ዓመቱ፣ ጠንካራው ትችት፣ የሚያስከትለው ፖሊሲ። ስድስተኛ መስመር ካስፈለጋችሁ ንድፈ ሐሳቡን ገና አላጠራችሁትም ማለት ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ ክላሲካልና ፖዘቲቪስት፣ ከዚያም ኮኸንና ፌልሰን

ክላሲካሉ አጭር ነው። ቤካሪያ በ1764 የጻፈው ሰው ጥቅምና ጉዳቱን አመዛዝኖ የሚወስን ፍጡር ነው ከሚለው ተነሥቶ ነው። የተለመደው ስሕተት «ክላሲካል ማለት ከባድ ቅጣት» ብሎ መጻፍ ነው። ቤካሪያ ማሠቃየትንና የሞት ቅጣትን የተቃወመ ሰው ነው፤ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ እርግጠኝነትና ፍጥነት እንደሆነ፣ መጠኑም ከጥፋቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት ነው የተከራከረው። ሌላው ጥንድ፦ አንዱ ሲቀጣ አይቶ ሌላው ቢታቀብ አጠቃላይ መግታት፣ የተቀጣው ራሱ ዳግመኛ ባያጠፋ የተለየ መግታት ይባላል።

ሎምብሮዞ (1876) ወንጀለኛ በአካሉ ይለያል፣ ወደ ቀደመ የዝግመተ ለውጥ ደረጃ የተመለሰ ነው አለ። ጎሪንግ በ1913 የእንግሊዝ እስረኞችን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ የተለየ የወንጀለኛ ገጽታ አላገኘም። ለመግቢያ ኮርስ ይህ ይበቃል። ዋናው መያዝ ያለበት ክላሲካሉ ስለ ድርጊቱና ስለ ነፃ ምርጫ፣ ፖዘቲቪስቱ ስለ ድርጊት ፈጻሚውና ስለሚገፉት ኃይሎች እንደሚናገር ነው።

የቀረውን ጊዜ ለኮኸንና ፌልሰን (1979) ስጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ኑሮ ሲሻሻል ወንጀል ለምን ጨመረ? ድህነት ወንጀል ይወልዳል የሚለው ሐሳብ ይህን አይመልስም። እነሱ ያሉት የዕለት ተዕለት ኑሮ ተለወጠ ነው፤ ሰው ቀኑን ከቤት ውጭ ያሳልፍ ጀመር፣ ቤት ባዶ ዋለ፣ ውድ ዕቃዎች እየቀለሉ ለመሸከም አመቹ። ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና ጊዜ መገናኘት አለባቸው፦ ለመሥራት የተነሣሣ ሰው፣ የሚመች ዒላማ፣ ብቁ ጠባቂ አለመኖር። ጠባቂ ሲባል ፖሊስ ብቻ የሚመስለው ተማሪ ይሳሳታል፤ ጎረቤት ወይም ቤት ውስጥ ያለ ሰውም ጠባቂ ነው። ትችቱ፦ የተነሣሣው ሰው መነሣሣቱን ከየት አመጣው ለሚለው መልስ የለውም፤ እንዳለ አድርጎ ይጀምራል።

ሦስተኛ ቀን፦ ዱርካይም፣ መርተን፣ አግነው፣ ከዚያም ሾውና መኬይ

ዱርካይምና መርተን «አኖሚ» የሚለውን ስም ይጋሩ እንጂ የሚሉት የተለያየ ነው። ለዱርካይም የሰው ፍላጎት በተፈጥሮው ወሰን የለውም፤ የሚገድበው ማኅበረሰቡ ነው። ማኅበረሰቡ በፍጥነት ሲለወጥ ደንቡ ይላላል፣ ፍላጎትም ልጓሙን ያጣል። ለመርተን (1938) ግን ፍላጎቱን የሚፈጥረው ራሱ ባህሉ ነው። ባህሉ ሁሉንም «ሀብታም ሁኑ» እያለ ይገፋል፣ ሕጋዊውን መንገድ ግን ለሁሉም እኩል አይከፍትም፤ በግቡና በመንገዱ መካከል ያለው ክፍተት ጫና ይሆናል። በአንድ መስመር ስትጽፉት፦ በዱርካይም ደንብ ይጎድላል፣ በመርተን መንገድ ይጎድላል።

የመርተንን አምስት ምላሾች በስም አትሸምድዱ፤ በሁለት ጥያቄ አውጧቸው። ግቡን ይቀበላል? መንገዱን ይቀበላል? ሁለቱንም የሚቀበል ተስማሚ ነው። ግቡን ይዞ መንገዱን የለወጠ አዲስ መንገድ ፈላጊ ነው፤ የገንዘብ ወንጀል በአብዛኛው እዚህ ነው። ግቡን ትቶ መንገዱን ብቻ የያዘ፣ ከፍ የማለት ተስፋውን ጥሎ በየዕለቱ ሥራውን በደንብ የሚሠራ፣ ሥርዓት አክባሪ ነው። ሁለቱንም የተወ ሸሺ ነው። ሁለቱንም ጥሎ በሌላ ሊተካቸው የሚታገል አማፂ ነው። ፈተና ላይ የሚያሳስተው ሥርዓት አክባሪው ነው፤ ሕግ ስለማይጥስ ተማሪ ከተስማሚው ጋር ይቀላቅለዋል። ሸሺና አማፂን የሚለየው ደግሞ የመተካት ዓላማው ነው።

አግነው (1992) ጫናውን ከገንዘብ ግብ አውጥቶ ሰፊ አደረገው፦ የፈለጉትን አለማግኘት፣ የሚወዱትን ማጣት፣ የሚጎዳ ነገር መድረስ። ጫናው ወደ ወንጀል የሚያደርሰው በስሜት በኩል ነው፣ በተለይ በቁጣ። ስለዚህ በፈተናው ታሪክ ውስጥ ቁጣ ወይም ሌላ መራራ ስሜት ካልተጠቀሰ አግነውን ስትጠቅሱ ድልድዩ እንደጎደለ ተናገሩ።

ሾውና መኬይ (1942) በቺካጎ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ያዩት አንድ ነገር ከተያዘ ሌላው ይከተላል። ከከተማው ማዕከል አጠገብ ያለው የሽግግር ቀጣና ነዋሪዎቹ እየተለወጡ፣ አንዱ ስደተኛ ማኅበረሰብ ወጥቶ ሌላው እየገባ፣ የወጣት ጥፋት መጠኑ ከፍ እንዳለ ቆየ። ችግሩ ሰዎቹ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አብሯቸው በሄደ ነበር። ድህነት፣ የነዋሪ ቶሎ ቶሎ መለዋወጥና የዘር ስብጥር ነዋሪው ልጆችን አብሮ የመቆጣጠር አቅሙን ያዳክሙታል አሉ። ሁለት ትችቶች ያዙ። አንደኛ፣ የመንግሥት መዝገብ የፖሊስን አሠራርም ያሳያል። ሁለተኛ፣ ከአካባቢ መጠን ተነሥቶ ስለ አንድ ግለሰብ መደምደም አይቻልም። ፈተናው ታሪክ የሚሰጠው ስለ አንድ ሰው ከሆነ ይህ ሁለተኛው ትችት በቀጥታ ይሠራል።

አራተኛ ቀን፦ ሱዘርላንድና ሂርሺ

ሙሉ ቀን ስጡት። የሁለቱ ልዩነት የሚጀምረው ስለ ሰው ተፈጥሮ ከያዙት ግምት ነው። ለሱዘርላንድ ወንጀል ይማሩታል፤ ካልተማሩት የለም። ለሂርሺ ወንጀል መማር አያስፈልገውም፤ የሚከለክለው ነገር ሲላላ ይመጣል።

ሱዘርላንድ በ1947 በዘጠኝ ነጥቦች አስቀምጦታል። ሰው ከቅርቡ ሰዎች ሁለት ነገር ይማራል፦ የአሠራር ዘዴውንና ሕግ መጣስን ተገቢ የሚያደርጉ ትርጉሞችን። ለመጣስ የሚያደሉት ትርጉሞች ከሚከለክሉት ሲበዙ ይጥሳል። ግንኙነቶቹም በድግግሞሽ፣ በቆይታ፣ በቀዳሚነትና በጥልቀት ይመዘናሉ። «መጥፎ ጓደኛ ያበላሻል» ብላችሁ ብትጽፉ ግማሽ ነጥብ ነው፤ የሚመዘነው የጓደኛው ቁጥር ሳይሆን የትርጉሙ ሚዛን ነው፤ ሕግ አክባሪ ወላጅም «ሁሉም ግብር ይሸሻል» ሲል ትርጉም ያስተምራል። ሱዘርላንድ መማሩ በምን ስልት እንደሚሆን በዝርዝር አልተናገረም። በርጀስና ኤከርስ በ1966 የሞሉት ይህን ነው፤ ሽልማትና ቅጣትን፣ ኋላም መኮረጅን ጨመሩ።

ሂርሺ (1969) አራት ማሰሪያዎች አሉት። ለሰዎች ያለን ቁርኝት፣ ብናጠፋ የምናጣው ነገር፣ በሕጋዊ ሥራ መጠመድ፣ ሕጉ ልክ ነው ብሎ ማመን። ሁለተኛውን «ቁርጠኝነት» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ትርጉሙ ያመልጠዋል፤ ጉዳዩ የዓላማ ጽናት ሳይሆን ስሌት ነው፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ስም ያለው ሰው የሚከስረው አለ።

አሁን አጥፊ ወጣቶች አጥፊ ጓደኞች አሏቸው የሚለውን እውነታ ውሰዱና ሁለቱንም አስመልሷቸው። ሱዘርላንድ ጓደኛው ይቀድማል፣ ጥፋቱ ይከተላል ይላል። ሂርሺ ደግሞ ማሰሪያቸው የላላ ልጆች ናቸው የሚፈላለጉት ይላል። የሚለያቸው የጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። አንዳችሁ ሱዘርላንድን፣ ሌላችሁ ሂርሺን ይዛችሁ አምስት አምስት ደቂቃ ተከራከሩ፣ ከዚያ ቦታ ቀይሩ። ለሁለት ማጥናት ከምንም በላይ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ሁለት ተጨማሪ ወጥመዶች። ሂርሺ በ1990 ከጎትፍሬድሰን ጋር የጻፈው ሌላ ንድፈ ሐሳብ ነው። የ1969ኙ ማሰሪያ በሰውና በማኅበረሰብ መካከል ያለ ነው፤ በዕድሜ ይጠብቃል፣ ይላላል። የ1990ው ራስን መቆጣጠር ሰው ውስጥ ያለ፣ በልጅነት በወላጅ ክትትል የሚገነባ፣ ከዚያ በኋላ ብዙም የማይለወጥ ነው። ትችቱም ዝነኛ ነው፤ ራስን አለመቆጣጠርን በአጥፊ ባህርይ ከለካችሁ በኋላ የአጥፊ ባህርይ ምክንያት ብትሉት ክብ መዞር ነው። ሌላው ሳይክስና ማትዛ (1957) ናቸው፦ ኃላፊነትን መካድ፣ ጉዳትን መካድ፣ ተጎጂን መካድ፣ ወቃሾችን መውቀስ፣ ለበለጠ ታማኝነት መቆም። እነዚህ ከድርጊቱ በፊት መጥተው ድርጊቱን የሚያስችሉ ናቸው፤ ከተያዘ በኋላ የሚደረደር ሰበብ ብቻ አድርጋችሁ ከጻፋችሁ ነጥቡ ይሄዳል።

አምስተኛ ቀን፦ ሌብሊንግና ግጭት

ሌመርት (1951) መጀመሪያ የሚሠራውን ጥፋት አንደኛ ደረጃ ይለዋል፤ ምክንያቱ ሺህ ሊሆን ይችላል፣ የሰውየውንም ማንነት አይነካም። ሁለተኛ ደረጃ የሚለው ሰውየው ለተለጠፈበት ስም ምላሽ ሲሰጥ፣ ራሱን በዚያ ስም ሲያይና ኑሮውን በዚያ ዙሪያ ሲያደራጅ ነው። ሁለት ጊዜ ማጥፋት በራሱ ሁለተኛ ደረጃ አይደለም። ይህን ስሕተት ብቻ ብትጠነቀቁ ከብዙ ተማሪ ትለያላችሁ። ቤከር (1963) አንድ እርምጃ ገፍቶ ድርጊቱን ጥፋት የሚያደርገው ደንብ አውጪውና አስፈጻሚው ነው አለ። ትችቱ፦ የመጀመሪያውን ጥፋት አያብራራም። ብሬይትዌይት በ1989 መሸማቀቅን ለሁለት ከፍሏል፤ ስሙን ለጥፎ የሚያገልልና ድርጊቱን ወቅሶ ሰውየውን የሚመልስ። «ስያሜ ሁልጊዜ ያባብሳል?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይወጣል።

የግጭት ንድፈ ሐሳብን ከሌብሊንግ የሚለየው ስፋቱ ነው። ሌብሊንግ ስሙ ከተለጠፈ በኋላ ሰውየው ላይ የሚሆነውን ይከተላል፤ ግጭት ደግሞ ሕጉ የማንን ጥቅም ይዞ እንደተጻፈና በማን ላይ እንደሚጠብቅ ይጠይቃል። ቮልድ (1958) በቡድኖች ፉክክር፣ ማርክሳውያኑ በመደብ ያዩታል። አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ስድስተኛ ቀን፦ ታሪክ ላይ መሥራት

ይህን ታሪክ በአርባ ደቂቃ በሰዓት ሥሩት። *የ17 ዓመት ልጅ አባቱ ሥራ ካጣ በኋላ ትምህርት አቋረጠ። ከመኪና ዕቃ ከሚሰርቁ ሁለት ታላላቆቹ ጋር መዋል ጀመረ። አንድ ምሽት ካሜራና ዘበኛ በሌለው ማቆሚያ የመኪና መስኮት ሰብሮ ላፕቶፕ ሲወስድ ተያዘ። «ከመሥራቴ በፊትም ለራሴ ብዬ ነበር፤ ባለቤቱ ኢንሹራንስ አለው» አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ ሲሞክር አልተቀበሉትም፣ ሠፈሩም «ሌባው» ይለዋል። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ጥፋት ዳግመኛ ተያዘ።*

ከመጻፋችሁ በፊት በየዓረፍተ ነገሩ ጎን የሚስማማውን ንድፈ ሐሳብ በእርሳስ ጻፉ። ትምህርት ማቋረጡ ለሂርሺ ሁለት ማሰሪያ ነው፤ የሚያጣው ነገር ቀነሰ፣ መጠመዱም ጠፋ። ለአባቱ ያለው ቁርኝት ግን ላላ የሚል ቃል በታሪኩ የለም፤ ካከላችሁት ፈጠራ ነው። ታላላቆቹ ለሱዘርላንድ ዘዴውንም ትርጉሙንም ይሰጣሉ፤ የጓደኝነቱ ጊዜ ከስርቆቱ መቅደሙ ይደግፈዋል፣ ትምህርት ማቋረጡ ደግሞ ከጓደኝነቱ መቅደሙ ሂርሺን ይደግፋል። የኢንሹራንሱ ንግግር ጉዳትን መካድ ነው፤ ከድርጊቱ በፊት መባሉም የሳይክስና ማትዛን ቅደም ተከተል ያሟላል። ካሜራና ዘበኛ የሌለው ማቆሚያ የኮኸንና ፌልሰን ነው፤ ለምን በዚያ ምሽትና በዚያ ቦታ የሚለውን እንጂ ለምን ይህ ልጅ የሚለውን አይመልስም። መርተን ይቻላል፣ ግን ልጁ ሀብት ይፈልግ እንደነበር ታሪኩ በግልጽ አይናገርም። ሁለተኛው መያዝ ለሌመርት ይስባል፤ ስም መለጠፉና በሩ መዘጋቱ አለ፣ ራሱን እንደ ሌባ ማየቱ ግን አልተጻፈም።

የመልሳችሁ አንድ አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሱዘርላንድ (1947) ወንጀል ከቅርብ ሰዎች ጋር ባለ ግንኙነት ይማሩታል ይላል። ልጁ ከታላላቆቹ ጋር ከዋለ በኋላ መስረቁና ‹ኢንሹራንስ አለው› የሚል ትርጉም መያዙ ከዚህ ጋር ይስማማል። ሆኖም ትምህርት ያቋረጠው ጓደኞቹን ከማግኘቱ በፊት ስለሆነ፣ ሂርሺ (1969) ጓደኝነቱ ራሱ የላላ ማሰሪያ ውጤት ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ታሪኩ ከአቋረጠ በኋላ ጓደኛ ያላገኘ ሌላ ልጅ ስለማያሳየን ሁለቱን ሙሉ በሙሉ አይለይልንም።»

አንቀጹ ንድፈ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ከታሪኩ ማስረጃ ያመጣል፣ ተቀናቃኙን ያቆማል፣ ማስረጃው የት እንደሚያበቃም ይጠቁማል። በሦስት ንድፈ ሐሳብ እንዲህ ብትሠሩ ሰባቱን በአንድ አንድ መስመር ከመዘርዘር ይበልጣል። ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡና አንድ ነገር ብቻ አርሙ፦ ከታሪኩ ያልተወሰደ ማስረጃ የገባበትን መስመር ሁሉ አስምሩበት። ከሰዓት በኋላ እያንዳንዳችሁ ለሌላው አዲስ ታሪክ ጻፉ፣ ሆን ብላችሁም አንድ የንድፈ ሐሳብ ድልድይ አጉድሉበት።

ሰባተኛ ቀን

ጠዋት የአንደኛውን ቀን ባዶ ወረቀት በሃያ ደቂቃ ድገሙና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አሁንም የሚምታታ ካለ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ አይበልጥም፤ ለየጥንዱ «የሚለያቸው …» ብሎ የሚጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና እሱን ብቻ ያዙ። ስሞችን ደግሞ አንድ ጊዜ እዩ፤ በተለይ ሁለቱን ኮኸን። በ1955 ስለ ወጣት ቡድኖችና ስለ ክብር ማጣት የጻፈው አልበርት ነው፣ በ1979 ከፌልሰን ጋር የጻፈው ሎረንስ። ፈተናው ላይ ዓመቱ ቢጠፋችሁ ሳትገምቱ አሥር ዓመቱን ጻፉ፣ «በ1930ዎቹ መጨረሻ» ማለት ለመርተን ይበቃል። የባለቤቱ ስም ቢጠፋችሁ ደግሞ ንድፈ ሐሳቡን በምክንያቱ ግለጹት፤ የተሳሳተ ስም ግን አንቀጹን ሁሉ ያጠራጥራል።